ለአቶ ወይስ ለወይዘሮ?

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሊጽፉ ተቀምጠዋል እንበል። ከፊትዎ ያለው የሥራ ማመልከቻ የ«ደስታ ከበደ» ነው። «ለአቶ» ብለው ይጀምሩና እጅዎ ይቆማል። ደስታ ወንድም ሴትም የሚጠሩበት ስም ነው፤ በረከት፣ ጸጋና ትንሣኤም እንዲሁ። ማመልከቻውን ደግመው ቢያነቡትም ፍንጭ አያገኙም። በአማርኛ «አመልክቻለሁ»፣ «አያይዣለሁ» የሚለው ወንድ ይሁን ሴት ግሡ አይለይም።

አንዳንዱ ጸሐፊ «ለአቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» ብሎ ሦስቱንም ይደረድራል። ይህ ለሚሞላ ቅጽ እንጂ ለሰው ለሚላክ ደብዳቤ አይመችም፤ ተቀባዩ ያልተሞላ ቅጽ የደረሰው ይመስለዋል። ሌላው በግምት «አቶ» ይላል። ግምቱ ከሳተ ስሕተቱ የሚገኘው ገና በመጀመሪያው መስመር ነው። ሴት መሆኗ ቢታወቅ እንኳ «ወይዘሮ» ወይስ «ወይዘሪት» የሚለው ምርጫ ስለ ትዳሯ መገመትን ይጠይቃል።

መውጫው ማዕረጉን ትቶ ሙሉ ስሙን መጻፍ ነው፤ «ለደስታ ከበደ»። ባዶ ከመሰለዎ «ለተከበሩ ደስታ ከበደ» ይበሉ። «ክቡር» እና «ክብርት» ጾታ ይለያሉ፤ «የተከበሩ» ግን ለሁለቱም ይሆናል።

ከዚያ በታች ያለውን «እርስዎ» ይሸከመዋል። «ላክ» ወይም «ላኪ» ማለት መምረጥ ነው፤ «ይላኩ» ሁለቱንም ያከብራል። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለደስታ ከበደ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የትምህርት ማስረጃን ስለ ማሟላት

የላኩት የሥራ ማመልከቻ ደርሶናል። የትምህርት ማስረጃዎ ቅጂ ስላልተያያዘ እስከ ዓርብ ድረስ እንዲልኩልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር»

ስለ ሰውየው ለሌላ ክፍል ሲጻፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አመልካቹ» ወይም «አመልካቿ» ከተባለ ግምቱ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። «ደስታ ከበደ ያቀረቡት ማመልከቻ» ቢባል ያመልጣል፤ «እሳቸው» እንደ «እርስዎ» ጾታ አይለይም።

በእንግሊዝኛ ኢሜይል ሲጻፍ ሌላ ወጥመድ አለ። እንደ ፈረንጅ ልማድ «ሚስተር ከበደ» ቢባል የተጠሩት አባትየው ናቸው፤ ደስታ ሴት ብትሆን ደግሞ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል። እዚያም Dear Desta Kebede ብሎ መጀመር ይበቃል።

መልሱ ሲመጣ የግርጌውን ፊርማ ይመልከቱ። «ዶ/ር» ወይም «ወ/ሪት» ተብሎ ከተጻፈ በቀጣዩ ደብዳቤ ያንኑ ይገልብጡ። «ማስረጃውን ልኬያለሁ፤ ደስታ ከበደ» ብቻ ከሆነ ግን አሁንም አልታወቀም፤ በጀመሩበት «እርስዎ» ይቀጥሉ።