ባለገንዘቡ ስለ ዕቅዱ ቁጥሮች ሲጠይቅ

የሥራ ዕቅድ በባለገንዘቦች ፊት ከተነበበ በኋላ ከሚነሡት ጥያቄዎች እጅግ የሚከብዱት ሁለት ናቸው፤ ይኸውም «ሽያጩ እንደታሰበው ባይሆንስ?» እና «የምንሰጠው ገንዘብ መቼ ያልቃል?» የሚሉት ናቸው። ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ከስብሰባው በፊት በሒሳብ ተሠርቶ በአንድ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል፥ ቡና ቆልቶና ፈጭቶ ለሆቴሎች በዱቤ የሚያቀርብ አንድ አነስተኛ ድርጅት ይታሰብ። በወር 2,000 ኪሎ፥ ኪሎውን በ1,000 ብር ሊሸጥ ያቅዳል። ለጥሬ ቡና፥ ለማሸጊያና ለማጓጓዣ በኪሎ 700 ብር ያወጣል። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ፥ ይህ 700 ብር የተሰላው በተቆላው ኪሎ መሆን አለበት፤ በጥሬው ከተሰላ ዕቅዱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ለኪራይና ለደመወዝ ደግሞ፥ ቢሸጥም ባይሸጥም፥ በወር 450,000 ብር ይከፍላል። እንግዲህ ከግብር በፊት የወር ትርፉ 150,000 ብር ነው።

ለፊተኛው ጥያቄ የሚሆነው መልስ ከዚሁ ይገኛል። ከአንድ ኪሎ የሚተርፈው 300 ብር ስለሆነ፥ 450,000 ለ300 ሲካፈል 1,500 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ በታች የሸጠ ይከስራል፤ ስለዚህ ዕቅዱ የሚችለው የሽያጭ ጉድለት ሩብ ያህል ብቻ ነው። የኪሎው ወጪ በ75 ብር ቢጨምርም ሽያጩ ሳይቀንስ ትርፉ በሙሉ ይጠፋል። ስለሆነም ባለገንዘቡ ሽያጩን ብቻ ሳይሆን የጥሬ ቡናውንም ዋጋ መጠየቁ አይቀርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ትርፍ የሚያሳየውን ዕቅድ እንኳ የሚጥል ነው። ሆቴሎቹ ቡናውን በተረከቡ በ60 ቀን የሚከፍሉ ከሆነ፥ ድርጅቱ አንድ ብር ሳያገኝ የሁለት ወር ወጪ፥ ማለት 3,700,000 ብር ያወጣል። የጠየቀው 2,500,000 ብር ብቻ ከሆነ ገንዘቡ በ40ኛው ቀን ገደማ ያልቃል። ሆቴሎቹ ግማሹን ሲረከቡ ለመክፈል በጽሑፍ ቢስማሙ ግን የሚያስፈልገው 1,700,000 ብር ይሆናል፤ 800,000 ብርም ለመጠባበቂያ ይተርፋል። እንዲህ ያለው ውል ከስብሰባው በፊት መገኘት አለበት፤ በስብሰባው ላይ «እንነጋገራለን» ማለት መልስ አይሆንም።

በመጨረሻም፥ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምንጩ ይጻፍ፤ ደረሰኝ፥ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም ግምት መሆኑ ይለይ። ያልተሰላ ነገር ሲጠየቅ በቦታው ቁጥር መፍጠር ጉዳት አለው፤ ባለገንዘቡ ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያየው አይገጥምምና፥ ትክክለኞቹንም ቁጥሮች መጠራጠር ይጀምራል። «ይህን አላሰላነውም፤ እስከ ዓርብ በጽሑፍ እናቀርባለን» ብሎ በቀኑ ማቅረብ ይሻላል።