ዘጠኝ ለአንድ፦ የቤንዚን ሞተር ብቃት ከየት ይመጣል?

በአንድ የቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ታች ሲደርስ ከበላዩ ያለው ቦታ 450 ሴንቲሜትር ኩብ ነው እንበል። ላይ ሲደርስ ደግሞ ያ ቦታ ወደ 50 ይጠባል። 450 ለ50 ሲካፈል 9 ይሆናል፤ የሞተሩ የእመቃ ምጥጥን የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ከሚቃጠለው ቤንዚን ሙቀት ቢበዛ ምን ያህሉ ጎማ ወደሚያዞር ሥራ ሊለወጥ እንደሚችል ለማወቅ ሌላ ብዙ ነገር ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። በንድፈ ሐሳቡ ሞተር ውስጥ ግን ይህ አንድ ቁጥር ይበቃል።

ባለ አራት ምቱ ሞተር የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ፈረንሳዊው አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ በ1862 በጽሑፍ አስቀምጦት ነበር። በተግባር የሠራው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ሲሆን ዘመኑም 1876 ነው፤ ዑደቱም በስሙ ይጠራል። በመጀመሪያው ምት ፒስተኑ እየወረደ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይስባል። በሁለተኛው ቫልቮቹ ተዘግተው ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁ ይታመቃል። ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ ድብልቁ ይቀጣጠልና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጉልበት የሚገኘው በዚህ በሦስተኛው ምት ብቻ ነው። በአራተኛው የተቃጠለው ጋዝ ተገፍቶ ይወጣል።

ለስሌት እንዲመች መሐንዲሶች ይህን ሞተር ያቃልሉታል። በሲሊንደሩ ውስጥ ንጹሕ አየር ብቻ እንዳለ፣ ሲታመቅም ሆነ ሲሰፋ በግድግዳው በኩል ሙቀት እንደማያመልጥ፣ ቃጠሎውም ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሳለ በቅጽበት እንደሚያልቅ ይታሰባል። መሳብና ማስወጣት እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ ከሒሳቡ ይወጣሉ። ከእውነቱ የራቀ ቢመስልም ዋናውን ነገር ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ይህ ማቃለል ነው።

አሁን የዘጠኝ ለአንዱን ሲሊንደር መከተል ይቻላል። አየሩ ሲገባ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል። ስሌቱ የሚሠራው ከፍጹም ዜሮ በሚጀምረው በኬልቪን ስለሆነ ይህ 300 ኬልቪን ይሆናል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ ሲግል እጁ ላይ ይሰማዋል፤ አየርን በኃይል ማመቅ ያሞቀዋልና ነው። ሙቀት ሳያመልጥ የሚታመቅ አየር የሙቀት መጠኑ የሚያድገው በእመቃ ምጥጥኑ 0.4 ርቢ ልክ ነው፤ 0.4 የአየር የራሱ ጠባይ ነው። 9 በ0.4 ርቢ 2.41 ገደማ ስለሆነ አየሩ ገና እሳት ሳያገኘው ወደ 722 ኬልቪን ይደርሳል፤ ማለትም 449 ዲግሪ ሴንቲግሬድ።

ብልጭታው መጥቶ ቃጠሎው አየሩን ወደ 2400 ኬልቪን አደረሰው እንበል። ከዚያ ፒስተኑ ሲወርድ አየሩ መልሶ ዘጠኝ እጥፍ ይሰፋል፤ ሲታመቅ በ2.41 የተባዛው የሙቀት መጠን አሁን በዚያው ቁጥር ይካፈላል። ስለዚህ ወደ 997 ኬልቪን ይወርዳል። የቀረው በጭስ ማውጫው የሚባክን ነው። ነዳጁ የሰጠው ሙቀት ከ722 እስከ 2400 ያለው ልዩነት፣ ማለትም 1678 ነው። የባከነው ከ997 እስከ 300 ያለው፣ 697 ነው። 697 ለ1678 ሲካፈል 0.415 ይመጣል። ከመቶ 41.5 ባከነ፤ 58.5 ሥራ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። 1 ለ2.41 ቢካፈልም ያው 0.415 ነው። 2400 የተባለው በግምት የተወሰደ ቁጥር ነበር፤ በ1800 ወይም በ2800 ቢተካም መልሱ አይለወጥም፤ የተጨመረው ሙቀትና የሚባክነው ሙቀት እኩል ምጥጥናቸውን ጠብቀው ያድጋሉና። ቤንዚን ሲጨመር ጉልበት ይጨምራል እንጂ ብቃት አይጨምርም። ስለዚህ ሕጉ በአንድ መስመር ያልቃል፤ r የእመቃ ምጥጥኑ፣ η ደግሞ ብቃቱ ነው።

η = 1 − 1/r^0.4

የኦቶ የመጀመሪያ ሞተር ምጥጥኑ 2.5 ገደማ ስለነበረ በዚህ ሕግ ጣሪያው 31 በመቶ አካባቢ ነው። ምጥጥኑ 5 ሲሆን ብቃቱ 47.5 ይደርሳል፤ 10 ሲሆን 60.2፤ 20 ሲሆን 69.8። ከ5 ወደ 10 መውጣት 13 ያህል ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከ10 ወደ 20 መውጣት ግን ከ10 ያነሰ ነው የሚሰጠው። እያደር ትርፉ ይቀንሳል።

እውነተኛ ሞተር እነዚህን ቁጥሮች አይደርስባቸውም። የጋለና ከነዳጅ የተቀላቀለ ጋዝ ጠባዩ እንደ ንጹሕ አየር አይደለም፤ ያ 0.4 ወደ 0.3 ሲወርድ የዘጠኝ ለአንዱ ብቃት 48 በመቶ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ግድግዳው ሙቀት ይጠጣል፣ ቃጠሎው ጊዜ ይወስዳል፣ ሰበቃም ድርሻውን ይወስዳል። ብዙ የቤንዚን መኪኖች በተሻለ ሁኔታቸው እንኳ ከመቶ 30 እስከ 35 አካባቢ ነው የሚያገኙት። ያም ሆኖ ምጥጥኑ ከፍ ሲል ብቃቱ ከፍ ማለቱ በእውነተኛውም ሞተር ይታያል።

ታዲያ ምጥጥኑን ከፍ ማድረግ ለምን ገደብ አለው? ምክንያቱ ያው እመቃ የሚያመጣው ሙቀት ነው። ከካንዴላው የተነሳው ነበልባል ሲሊንደሩን አዳርሶ ሳይጨርስ፣ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ እየታመቀና እየጋለ ሄዶ በራሱ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በጆሮ የሚሰማው ብረትን በብረት እንደ መምታት ያለ ኳኳታ ነው። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ቤንዚኑ ይህን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ የእርሳስ ውሕድ ኳኳታውን እንደሚያስቀር አገኘ። የሰው ጤና ለዚያ መፍትሔ የከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነበር፤ ለመኪና የሚሆን እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሽያጭ ከዓለም የጠፋው በ2021 አልጄሪያ ስታቆም ነው።

ይኸው ነገር በጋራዥ ውስጥ ሳይታሰብ ይመጣል። ሞተር ግሎ ቴስታታው ሲጣመም ፊቱ በማሽን ይላጋል። ያ 50 ሴንቲሜትር ኩብ በመላጉ ወደ 45 ቢጠብ፣ ከታች ያለው ቦታም 445 ይሆናልና ምጥጥኑ ከ9 ወደ 9.9 ይወጣል። የንድፈ ሐሳቡ ብቃት ከ58.5 ወደ 60 ከፍ ይላል፤ በዚያው መጠን ሞተሩ ለኳኳታ ይቀርባል። ከጥገናው በኋላ መኪናው ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚንኳኳ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ከፍ ያለ ኦክቴን መጠቀም ወይም ብልጭታውን ጥቂት ማዘግየት ያረግበዋል፤ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ማስገባት ግን ምጥጥኑን ራሱን ይመልሰዋል።

በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ የሚነበበው ግፊት ከምጥጥኑ ጋር አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ጤነኛ ሞተርም በመመሪያው ከተጻፈው ሩብ ያህል ያነሰ ንባብ ይሰጣል፤ ፋሻው አልቋል ብሎ መፍረድ አይገባም። የሚገባው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። 450 እና 50 ግን ከፍታ አይለውጣቸውምና ምጥጥኑ እዚያም 9 ነው፤ ሕጉ የሚሰጠው ብቃትም ያው 58.5 በመቶ።