የሌሊት ፈረቃ ያለው ፈረስ

ቼዝ ወዳዱ Chess1990 ብሎ ሊመዘገብ ቢሞክር ስሙ ሳይያዝ አይቀርም፤ ባይያዝም የተወለደበትን ዓመት ለማንም ይናገርበታል። ከጨዋታው ቃላት መነሳት ይሻላል። «ንጉሥ»ና «ማት» ግን ሁሉም ቀድሞ የሚያስባቸው ናቸው፤ ጣዕም ያለው ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚባባሉት ነው። በእንግሊዝኛ ደካማ ተጫዋች «ዉድፑሸር»፣ እንጨት ገፊ፣ ይባላል፤ በራሱ ለሚቀልድ ሰው ጥሩ ስም ይወጣዋል።

ሌሊት የምትሠራ ነርስ እንውሰድ። ፈረሱ በእንግሊዝኛ «ናይት» ነው፤ ሌሊትም በድምፅ ያው። ስለዚህ «የሌሊት ፈረቃ» የሚለው ሐረግ አንድ ፊደል ተጨምሮበት KnightShift ይሆናል። ቀልዱ ግን የዓይን ነው፤ በስልክ ብትነግረው ይጠፋል። ስሙ ከተያዘ የሰሌዳውን ቤቶች ቁጥር ጨምራ KnightShift64 ትላለች።

እኔን የሚጥመኝ Werera64 ነው። በጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበት መክፈቻ ወረራ ይባላል። ሊቼስ የላቲን ፊደል ስለሚጠይቅ በፊደላችን መጻፍ አይቻልም። የተመዘገበ ስምም ከትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ በቀር አይቀየርም። ስለዚህ አስቀድሞ ሁሉንም በትንንሽ ፊደል ጽፎ ማየት ነው፤ ሁለት ቃላት ሲጋጠሙ አንዳንዴ ያልታሰበ ሦስተኛ ቃል መሃል ላይ ብቅ ይላል።