በፑሻፕ ጊዜ የትከሻ አጥንት መንቀሳቀስ አለበት

«ፑሻፕ ስትሠራ ትከሻህን ወደ ኋላ ሰብስበህ ቆልፍ» የሚለው ምክር በየጂሙ ይዞራል፤ በየቪዲዮውም እንደ ሕግ ይደጋገማል። ምክሩ የሚሠራው ቤንች ላይ ተኝቶ ብረት ለሚገፋ ሰው ነው። እዚያ የትከሻ አጥንቶች በቤንቹና በሰውነቱ መካከል ይያዛሉ፤ ሰብስቦ ማስቀመጣቸውም ለክብደቱ ጽኑ መደገፊያ ይሆናል። ፑሻፕ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መዳፍ መሬት ላይ ይተከላል፣ የሚሄደው ሰውነት ነው፣ ጀርባ ላይም የትከሻ አጥንትን የሚገታ ነገር የለም። ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ብሎ የተያዘው አካል ፕላንክ ነው፤ ክርን ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይኸው ፕላንክ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሆድ ከላላ ወገብ እንደሚሰምጥ ብዙ ሰው ስለሚያውቅ እሱን ልለፈው።

የሚዘነጋው ሴራተስ አንቲሪየር የተባለው ጡንቻ ነው። ከላይኞቹ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጎድን አጥንቶች ጎን ላይ ይነሣና በጎድንና በትከሻ አጥንት መካከል ሾልኮ፣ በአከርካሪ በኩል ያለውን የትከሻ አጥንት ጠርዝ ይይዛል። ሲኮማተር ጠርዙን ከጎድን ጋር አጣብቆ ወደ ፊት ይስበዋል። ፈረስ የፊት እግሮቹን ከደረቱ ጋር የሚያገናኝ የአጥንት መጋጠሚያ የለውም፤ ደረቱ በእግሮቹ መካከል ተንጠልጥሎ የሚቆመው በዋናነት በዚሁ ጡንቻ አቻ ነው። ፑሻፕ ላይ ያለ ሰው ደረትም በአብዛኛው እንዲያው ነው የሚያዘው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እጆቹ ከላይ ሲሆን 48፣ ከታች ሲደርስ 52 ኪሎ ገደማ ይሸከማሉ። ሲወርድ የትከሻ አጥንቶቹ ይቀራረባሉ፤ ሴራተስም እየተለጠጠ መውረዱን ይገታል። ሲወጣ መልሶ ያራርቃቸዋል። ክርን ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ በኋላ እንኳ መሬቱን መግፋት ቢቀጥል፣ ደረቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ይነሣል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሴራተስን ማጠንከር ሲፈልጉ የሚያዝዙት ይህችን የመጨረሻ ግፊት ነው፤ ትከሻውን የቆለፈ ሰው ግን አያገኛትም።

«ካልተቆለፈ ትከሻ አይላላም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መንቀሳቀስና መላላት አንድ አይደሉም፤ የላላ ትከሻ የሚታወቀው የአጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ከጀርባ ተነሥቶ ሲወጣ ነው። ቀጭን ሰው ላይ ጠርዙ ትንሽ ጎልቶ መታየቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ፣ በድንገት ከተከሰተና እጅን ከራስ በላይ ማንሣት ካስቸገረ ግን ሴራተስን የሚያዝዘው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ነው፤ ቆዳው ደግሞ በእንቅስቃሴ ጊዜ በጡንቻው ላይ ይንሸራተታል። ንባቡ ከፍ ማለቱም ብቻውን የትከሻ ሕመም ይቀንሳል ማለት አይደለም። ጠርዙ ገና ሲወርድ የሚነሣበት ሰው መዳፉን ከመሬት ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ ያዛውር፤ እጅ የሚሸከመው ይቀንስለታል፣ ሴራተስም ሸክሙን ይችለዋል። ጠርዙ ተረጋግቶ መቀመጥ ሲጀምር ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ ወደ መሬት ይመለሳል።