ፈዛዛው ግራጫ ጽሑፍ

የአንድ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያን ሁለት ስክሪንሾቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ እንበል፤ አንዱ የቀድሞው ገጽ፣ ሌላው የታደሰው። አዲሱ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያውን የሚገልጸው ጽሑፍ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ሆኗል።

ቀለሙን በቀለም መልቀሚያ ስትወስዱ የፊደሉን ወፍራም መሃል ምረጡ፤ ጠርዙ ከነጩ ጋር ስለሚደባለቅ ያሳስታል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስልም ስለሚጨመቅ ቀለሙ ሊዛባ ይችላል፤ እንደ ፋይል ይላክ። አዲሱ ግራጫ #999999 ከሆነ፣ ከነጭ ጋር ያለው ንፅፅር 2.85 ለ 1 ገደማ ነው። የቀድሞው #595959 ግን 7 ለ 1 ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው በአዲሱ ገጽ ክፍያውን ሳያይ ሊልክ ይችላል፤ ይህ ለእኔ ከባድ ጉድለት ነው።

ለመጠን ደግሞ የምስሉን ፒክስል ወደ ስልኩ መለኪያ መመለስ ያስፈልጋል። ምስሉ 1080 ፒክስል፣ የስልኩ ስክሪን 360 አሃድ ስፋት ካላቸው፣ ሁሉን ለ3 አካፍሉ። 72 ፒክስል የሆነው «ሰርዝ» ቁልፍ 24 አሃድ ብቻ ይሆናል፤ አንድሮይድ የሚመክረው 48 ነው። ሆኖም ጣት የሚቀበለው ቦታ ከሚታየው ምልክት ሊሰፋ ስለሚችል፣ ስልኩ ላይ ጠርዙን ነክቶ ማረጋገጥ ይገባል።

የጽሑፍ መጠንንም አንድ ምስል አይነግረንም። በስልኩ ቅንብር ፊደሉን አተልቃችሁ ሁለቱንም ገጾች እንደገና አንሱ፤ የገንዘቡ መጠን ከተቆረጠ ወይም «ላክ» ከስክሪኑ ከወጣ፣ ችግሩ የሚታየው ያኔ ነው።