ወረቀት ሲወደድ ለነባር ደንበኛ የሚጻፍ ደብዳቤ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ፕሌቱ ከውጭ ለሚመጣለት አነስተኛ ማተሚያ ቤት፣ እንዲህ ያለ ወቅት ለነባር ደንበኞች የዋጋ ደብዳቤ የሚጻፍበት ነው።

ብዙዎቹ ደብዳቤዎች «በወቅቱ የገበያ ሁኔታ ምክንያት ዋጋ ለመጨመር ተገደናል» ብለው ያበቃሉ። ዓመታት አብሮ የሠራ ደንበኛ ግን ጭማሪው ከየት እንደመጣ ሊነገረው ይገባል እላለሁ።

አንድ ክሊኒክ በየጊዜው የሚያሳትመው የመድኃኒት ማዘዣ ፓድ 10,000 ብር ያስከፍለው ነበር እንበል። ከዚህ ውስጥ 5,000 ብሩ የወረቀት ነው፤ 1,500ው የፕሌትና የቀለም፣ 2,500ው የሠራተኛ፣ የኪራይና የመብራት፣ 1,000ው ትርፍ። ወረቀት 40 በመቶ፣ ፕሌትና ቀለም 30 በመቶ ቢጨምሩ፣ የሚጨመረው 2,000 እና 450 ብር ነው። አዲሱ ዋጋ 12,450 ብር ይሆናል። «ወረቀት 40 በመቶ ጨምሯል» ብሎ ጠቅላላውን በ40 በመቶ ያሳደገ ባለቤት ግን 14,000 ብር ይጠይቃል። 1,550 ብሩ ከወረቀቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሌላ ማተሚያ ቤት ዋጋ የጠየቀ ደንበኛም ይደርስበታል።

ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ቢል መልካም ነው፦

«ለተከበራችሁ ደንበኛችን፤ የማዘዣ ፓዳችሁ ዋጋ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ከ10,000 ወደ 12,450 ብር ከፍ ይላል። 2,000 ብሩ የወረቀት፣ 450 ብሩ የፕሌትና የቀለም ጭማሪ ነው። የእጅ ዋጋችን አልተነካም። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም። ቀብድ የከፈላችሁበት ሥራ በቀድሞው ዋጋ ይጠናቀቃል።»

የታክሱ ዓረፍተ ነገር ከተዘለለ ደንበኛው 14,317 ብር ከ50 ሳንቲም መክፈሉን የሚያውቀው ደረሰኙ ሲቆረጥለት ነው። ቅሬታ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ደብዳቤው ወጪ የሚቀንስ መንገድም ቢጠቁም ጥሩ ነው። 500 ፓድም ይታተም 1,000 ፕሌቱ ያው ነው፤ ቀለሙ እስኪስተካከል የሚበላሸው ወረቀትም ብዙ አይለያይም። የስድስት ወሩን በአንዴ ያዘዘ ደንበኛ ይህን ወጪ ሁለት ጊዜ አይከፍልም።

የማይገባው ዋጋውን ሳይነኩ ወረቀቱን በዝምታ ማሳሳት ነው። ከ80 ግራም ወደ 70 ግራም መውረድ ይቻላል፣ ግን በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ደንበኛው በጣቱ ላይለየው ይችላል፤ የወጥ ቤት ሚዛን ግን ይለየዋል። የኤ5 መጠን ያለው ባለ 100 ቅጠል ፓድ፣ ከጀርባው ካርቶን ሌላ፣ በ80 ግራም ወረቀት 250 ግራም ይመዝናል፤ በ70 ግራም 219።