ከ384 ባሻገር፦ በቀበሌ ለሚሰበሰብ ጥናት የናሙና መጠንን ማስላትና በፕሮፖዛል ማስረዳት

በማኅበረሰብ ጤናና በተዛማጅ ዘርፎች በሚቀርቡ የማስተርስ ፕሮፖዛሎች ውስጥ 384 እና 422 የተባሉት ቁጥሮች ደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው ከታወቀው የአንድ ምጣኔ ቀመር የሚገኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ላይ ለማይመልሱ ተጠኚዎች 10 በመቶ ተጨምሮበት የሚመጣ ነው። ቁጥሮቹ በራሳቸው ስሕተት የለባቸውም። ችግሩ የሚነሣው ቀመሩ ስለ ናሙናው አመራረጥ የሚይዘው ግምት፣ ተመራማሪው በመስክ ሊሠራ ካሰበው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ይህ አለመጣጣም ጎልቶ የሚታየው ጥቂት ቀበሌዎች በዕጣ ተመርጠው ከየቀበሌው ብዙ ሰዎች በሚጠየቁበት ጥናት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

ቀመሩ የሚከተለው ነው።

n = Z² × p × (1 − p) / d²

Z የመተማመን ደረጃውን ይወክላል፤ ለ95 በመቶ 1.96 ነው። p ሊለካ የታሰበው ምጣኔ አስቀድሞ የተገመተ መጠን ሲሆን፣ d ደግሞ ተመራማሪው የሚቀበለው የስሕተት ህዳግ ነው። p 0.5፣ d ደግሞ 0.05 ሲሆኑ ውጤቱ 384.16 ይሆናል። 0.5 የሚመረጠው የ p × (1 − p) ብዜት ከፍተኛውን ዋጋ የሚያገኘው በዚያ ነጥብ ላይ ስለሆነ ነው፤ ቀዳሚ መረጃ በሌለበት ጊዜ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። መረጃ እያለ ግን «ቀዳሚ ጥናት ስላልተገኘ» ብሎ 0.5 መውሰድ ፈታኙን የሚያሳምን ምክንያት አይሆንም።

ለማብራሪያ ያህል አንድ ጥናት እናስብ። ዓላማው በአንድ ዞን ውስጥ ባለፉት 12 ወራት ከወለዱ እናቶች መካከል አራትና ከዚያ በላይ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉት ምን ያህል እንደሆኑ መለካት ነው። ዞኑ 300 ያህል ቀበሌዎች አሉት እንበል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንን ምጣኔ በአገር አቀፍ ደረጃ 43 በመቶ አድርጎ አግኝቶታል። ስለዚህ p 0.43፣ d 0.05 ብለን ስናሰላ 376.6 ይመጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 377 እናቶች ማለት ነው።

ይህ 377 የሚያገለግለው በዞኑ ያሉት የወለዱ እናቶች ሁሉ በአንድ መዝገብ ተዘርዝረው፣ ከዚያ መዝገብ እያንዳንዷ በዕጣ የወጣች እንደሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም 377 እናቶችን በመላው ዞን ተበታትነው መፈለግ ከአንድ ተማሪ በጀት በላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀበሌዎች ይመረጣሉ፤ ቀጥሎ በየቀበሌው የእናቶች ዝርዝር ተዘጋጅቶ ዕጣ ይወጣል። አሠራሩ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የስሌቱን መሠረት ይለውጣል።

በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ እናቶች የሚጠቀሙት በአንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ የሚጎበኟቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም እነዚያው ናቸው፤ የሚሄዱበት መንገድም ያው ነው። በመሆኑም መልሳቸው በተወሰነ ደረጃ ይመሳሰላል። ከአንድ ቀበሌ የምትጠየቀው ሃያኛዋ እናት፣ ከመጀመሪያዋ ያነሰ አዲስ መረጃ ትሰጣለች። ይህ የውስጥ ተመሳስሎ በ ρ ይወከላል፤ ዜሮ ከሆነ ተመሳስሎ የለም፣ አንድ ከሆነ ግን የቀበሌው እናቶች ሁሉ መልስ አንድ ዓይነት ነው። ከየቀበሌው የሚጠየቁት ቁጥር m ሲሆን፣ ናሙናው ስንት እጥፍ ማደግ እንዳለበት የሚያሳየው ዲዛይን ኢፌክት እንዲህ ይሰላል።

deff = 1 + (m − 1) × ρ

በብዙ ፕሮፖዛሎች ዲዛይን ኢፌክት 2 ተብሎ በደፈናው ሲወሰድ ይታያል። ቀመሩ እንደሚያሳየው ግን ይህ ቁጥር ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን፣ ተመራማሪው ራሱ በሚወስነው m ላይ የተንጠለጠለ ነው። ρ 0.04 ነው ብለን ከየቀበሌው 20 እናቶች ብንጠይቅ ዲዛይን ኢፌክቱ 1.76 ይሆናል። ከየቀበሌው 83 ብንጠይቅ ግን 4.28 ይደርሳል። ተመሳስሎው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመስክ ሥራው አደረጃጀት ነው።

ጥናታችንን በዚህ መሠረት እናስላ። 377 በ1.76 ሲባዛ 663.5 ይሆናል፤ ስለዚህ 664 የተሟሉ ቃለ መጠይቆች ያስፈልጋሉ። ከየቀበሌው 20 የተሟሉ ቃለ መጠይቆች ከታሰቡ 34 ቀበሌዎች ይመረጣሉ። 5 በመቶ የሚሆኑት ላይገኙ ወይም ላይመልሱ ይችላሉ ከተባለ፣ 664 ለ0.95 ይካፈልና 699 ይሆናል፤ ለየቀበሌው እኩል ለማከፋፈል 21 እናቶች ሲመደቡ ጠቅላላው 714 ይደርሳል። እዚህ ላይ ማካፈል እንጂ መቶኛውን መደመር እንደማይገባ ልብ ይሏል። በ384 ላይ 10 በመቶ ተደምሮ የሚገኘው 422፣ 10 በመቶው ሳይመልስ ሲቀር 380 ላይ ይወድቃል እንጂ 384ን አያስገኝም።

አሁን ይኸው 664 ከ34 ቀበሌዎች ሳይሆን ከ8 ቀበሌዎች ብቻ ቢሰበሰብ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ከየቀበሌው 83 እናቶች ይጠየቃሉ፤ ዲዛይን ኢፌክቱ 4.28 ነው። 664 ለ4.28 ሲካፈል 155 ይሆናል። ይህም ማለት መረጃው በቀላል የዕጣ ናሙና ከተመረጡ 155 እናቶች ከሚገኘው ጋር እኩል ክብደት አለው። የስሕተት ህዳጉም በፕሮፖዛሉ ቃል የተገባው 5 ሳይሆን 7.8 የመቶኛ ነጥብ ነው። በእነዚሁ 8 ቀበሌዎች በ422 ተጀምሮ 380 እናቶች ቢመልሱ ደግሞ ህዳጉ 8.4 ነጥብ ይሆናል። 284 ተጨማሪ ቃለ መጠይቆች ተካሂደው የተገኘው ትርፍ ከግማሽ ነጥብ እምብዛም አይበልጥም።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በ8 ቀበሌዎች ውስጥ የቱንም ያህል እናቶች ቢጠየቁ፣ ውጤታማው ናሙና 8 ለ0.04 ተካፍሎ ከሚገኘው 200 ሊያልፍ አይችልም። በ200 ደግሞ ህዳጉ 6.9 ነጥብ ነው። ስለዚህ በዚህ አደረጃጀት የ5 ነጥብ ህዳግ በገንዘብም በድካምም አይደረስበትም። ወደ 377 ለመጠጋት እንኳ ቢያንስ 16 ቀበሌዎች ያስፈልጋሉ፤ ያም በየቀበሌው ገደብ የለሽ እናቶች ተጠይቀው ነው። በተቃራኒው በ16 ቀበሌዎች ከየቀበሌው 20፣ በድምሩ 320 እናቶች ቢጠየቁ ህዳጉ 7.2 ነጥብ ይሆናል። ከ8 ቀበሌዎች ከተሰበሰበው 664 በግማሽ ያነሰ ናሙና የተሻለ ትክክለኛነት ሰጠ ማለት ነው። በጀት ሲጠብብ የሚቆረጠው በየቀበሌው ያለው የእናቶች ቁጥር እንጂ የቀበሌዎቹ ቁጥር መሆን የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ስሌት የተመረጡት ቀበሌዎች ከጠቅላላው ጥቂት ሲሆኑ የሚሠራ ነው። 25 ቀበሌዎች ባሉት አንድ ወረዳ ውስጥ 8ቱ ቢመረጡ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተካተዋልና ጉዳቱ ከላይ ከተገለጸው ይቀንሳል፤ ሁሉም ቀበሌዎች ከተካተቱ ደግሞ ቀበሌ ክላስተር መሆኑ ይቀርና ናሙናው በቀበሌ የተከፋፈለ ይሆናል። የዞኑ ጥናት ግን ከ300 ውስጥ 8 ወይም 34 የሚመርጥ ስለሆነ ይህ ማስተካከያ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

የ ρ ዋጋ ከየት ይገኛል? አንዱ ጥሩ ምንጭ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ሙሉ ሪፖርት ነው። በናሙና ስሕተት ላይ በሚያተኩረው አባሪ ውስጥ ለየአመልካቹ DEFT የተባለ ዐምድ ይቀርባል። DEFT የዲዛይን ኢፌክት ስኩዌር ሩት እንጂ ራሱ ዲዛይን ኢፌክቱ አይደለም። ለምሳሌ DEFT 1.5 ከሆነ ዲዛይን ኢፌክቱ 2.25 ነው፤ በዚያ ጥናት ከየክላስተሩ በአማካይ 20 ሴቶች ተጠይቀው ከሆነ፣ 1.25 ለ19 ተካፍሎ ρ 0.066 ገደማ ይሆናል። በ DEFT ውስጥ የክብደት አሰጣጥም ድርሻ ስላለው ውጤቱ ግምት ነው፤ ቢሆንም ምንጩ ካልተገለጸ 2 እጅግ የተሻለ መነሻ ነው።

ግምቱ ስሕተት ቢሆን ምን እንደሚከተልም አስቀድሞ ማየት ይገባል። ከላይ በተሰላው ጥናት ρ 0.04 ሳይሆን 0.08 ቢሆን ዲዛይን ኢፌክቱ 2.52 ይሆናል፤ በ34 ቀበሌዎች የተሰበሰበው 664 የስሕተት ህዳጉን 6 ነጥብ ላይ ያቆመዋል። ይህ ለብዙ ዓላማዎች የሚያስኬድ ነው። አምስቱን ነጥብ ለማስጠበቅ ግን 951 የተሟሉ ቃለ መጠይቆች ይጠይቃል። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ማቅረብ አንባቢው የጥናቱን ጥንካሬ ራሱ እንዲመዝን ያስችለዋል።

በፕሮፖዛሉ የሚጻፈው ማስረጃ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሚከተለው አቀራረብ ይበቃል፦

«የናሙናው መጠን የተሰላው ለዋናው ዓላማ በአንድ ምጣኔ ቀመር ነው። አራትና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉ እናቶች ምጣኔ በ2019 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጥናት መሠረት 43 በመቶ፣ የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ፣ የስሕተት ህዳጉ 5 ነጥብ ተወስዶ 377 ተገኝቷል። ከ34 ቀበሌዎች በየቀበሌው 20 እናቶች ስለሚጠየቁና የውስጥ ተመሳስሎው 0.04 ስለተገመተ፣ ዲዛይን ኢፌክቱ 1.76፣ የሚያስፈልገው የተሟላ ናሙና 664 ነው። ለ5 በመቶ አለመመለስና ለእኩል ድልድል ሲባል 714 እናቶች ይመረጣሉ። ተመሳስሎው 0.08 ቢሆን የስሕተት ህዳጉ ወደ 6 ነጥብ ይሰፋል።»

በዚህ አንቀጽ ላይ የ0.04ን ምንጭ መጨመር ግዴታ ነው። ጥናቱ ሁለተኛ ዓላማ ካለው፣ ለምሳሌ የከተማና የገጠር እናቶችን ማነጻጸር ከሆነ፣ ለዚያ በሁለት ምጣኔዎች ቀመር ለብቻው ተሰልቶ ትልቁ ቁጥር ይወሰዳል።

በመጨረሻም በስሌቱ የታሰበው ተመሳስሎ በትንተናው ውስጥም መታሰብ አለበት። ናሙናውን በዲዛይን ኢፌክት አሳድጎ መረጃውን እንደ ቀላል የዕጣ ናሙና መተንተን፣ ካለው በላይ የጠበበ የመተማመን ክልል ያሳያል። በ Stata የ svyset ትእዛዝ፣ በ R ደግሞ የ survey ጥቅል ቀበሌን እንደ መጀመሪያ ደረጃ የናሙና ክፍል ተቀብለው ትክክለኛውን የስሕተት መጠን ያወጣሉ። በውጤቱ የሚታየው ዲዛይን ኢፌክት በፕሮፖዛሉ ከተገመተው ጋር ተነጻጽሮ በተሲሱ ውስጥ ቢመዘገብ፣ ቀጥሎ በዚያው ዞን ጥናት የሚያካሂድ ተመራማሪ የራሱን ρ ከዚያ ማስላት ይችላል።